በቀላሉ የምትተካው ሐመልማል

የማወራችሁ ስለ ሐመልማል ነው። መሥሪያ ቤቱን በስሙ አልጠራም፤ ሶዶ ውስጥ የመሬት ይዞታ ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ ነው ብዬ ልለፈው፣ እኔ እንጀራዬን የምበላው አሁንም ከዚያው ነው። ዓመለወርቅ እባላለሁ፣ የኃላፊው የአቶ ባሮክ ጸሐፊ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ በር ላይ ተቀምጬ ስንቱ ሲገባ፣ ስንቱ ሲወጣ አይቻለሁ። እንደ ሐመልማል የወጣ ግን አላየሁም።

ሐመልማል የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ባሏ ገሱባ መምህር ነው፣ ሁለቱ ልጆቿም እዚያው ከአባታቸው ጋር ናቸው። እሷ ሶዶ አንዲት ክፍል ተከራይታ ዓርብ ማታ በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ሰኞ ገና ሳይነጋ ትመለሳለች። ያንን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ፀጉሯ ላይ ያለውን አቧራ እኔ ነበርኩ የማራግፍላት። ከዘጠኝ ዓመት አገልግሎቷ የመጨረሻውን አራት ዓመት እንዲህ ኖረች። ዝውውር ጠየቀች፤ የሚዛወርበት መደብ የለም ተባለች። ስለዚህ ሥራ መፈለግ ጀመረች። የምትፈልገውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ገሱባ ይሁን እንጂ ምንም ይሁን።

መስከረም ላይ ገሱባ ያለ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን የመዝገብ ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። ከትምህርት ማስረጃና ከሥራ ልምድ ሌላ የመጨረሻ ሁለት ጊዜ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ይዛችሁ ቅረቡ ይላል። የእሷ ውጤት ጥሩ ስለነበር አስገባች። ጥቅምት ላይ ከዓመት ፈቃዷ ላይ ሁለት ቀን ወስዳ የጽሑፍ ፈተናውን ተፈተነች። ከዚያ ዝም። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፣ የሚደውል የለም።

እንግዲህ በእኛ ቢሮ ወግ ሌላ ቦታ የተፈተነ ሰው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ አይሠራም። ይህን ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ጠዋት መጥቶ ይፈርማል፣ ኮቱን ወንበር ላይ ይሰቅላል፣ ኮቱ እስከ ማታ ይሠራል። ባለጉዳይ ቢመጣ «እሱ እኮ ሊሄድ ነው» ይባላል፤ ባለጉዳዩም ገብቶት ይመለሳል። ሐመልማል ግን ከፈተናው በተመለሰች ማግስት የመዝገብ ክፍሉን መደርደሪያ በሙሉ አራግፋ መሬት ላይ ከመረችው። እኔ አበደች ነው ያልኩት።

ለእያንዳንዱ ቀበሌ የተለየ ቀለም ያለው አቃፊ መደበች። ለእያንዳንዱ መደርደሪያ ቁጥር ለጠፈች። የባለይዞታውን ስም ከፋይሉ ቁጥር ጋር ደብተር ላይ በፊደል ተራ ጻፈች። አንድ ፋይል ሲወጣ በቦታው የምታስገባው ካርቶን ቆረጠች፤ ካርቶኑ ላይ «ወጥቷል» ብላ ማን እንደወሰደው፣ መቼ እንደወሰደው ትጽፍበታለች። ይህን ሁሉ ባለጉዳይ እያስተናገደች ነው የምትሠራው። ከዚህ በፊት «ነገ ና» ሲባል ዓመት የሚመላለስ ገበሬ፣ አሁን ፋይሉን በአሥር ደቂቃ አይቶ ሲወጣ ደንግጦ ሌላ ወረቀት የጎደለው እየመሰለው በር ላይ ይቆማል።

አንድ ቀን ተናደድኩ። ምን አለፋሽ አልኳት። ያ የገሱባው ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ቢሳካም ትተሽው ለምትሄጂው ቢሮ ምን አቃጠለሽ ብዬ ጮህኩባት።

«ዓመሌ፣» አለችኝ ካርቶኗን በመቀስ እየቆረጠች፣ «ልሄድ ነው እና ሄጃለሁ አንድ አይደሉም። ገና አልሄድኩም።»

ደግሞም ሞኝ አይደለችም። ካልተሳካ ሌላ ማስታወቂያ ላይ ልትወዳደር ነው፣ ያኔም የሚታየው የዚህ ስድስት ወር ውጤት ነው። ከዚህም ሌላ ቀጣሪዎቹ ስለ ጠባይዋ ስልክ ደውለው የሚጠይቁት አቶ ባሮክን ነው። ይህን ሁሉ አስረዳችኝ። እኔ ግን ሰው ሳያብድ መደርደሪያ አያራግፍም የሚል አቋሜን አልለወጥኩም።

አቶ ባሮክም የራሳቸው አቋም ነበራቸው። ሴትዮዋ እንዲህ የምትለፋው ወንበሬን ፈልጋ ነው ብለው አመኑ። ለምሳ ሲወጡ ቢሯቸውን መቆለፍ ጀመሩ። አንድ ሁለቴማ በር ላይ ያለው ካሜራ እንዲጠብቅላቸው ወንበራቸውን ፊት ለፊቱ አዙረው አገኘኋቸው። ካሜራው ከተበላሸ ሁለት ዓመቱ ነው።

በዚያው ሰሞን ሌላም ሥራ ፈላጊ ነበረን፤ የንብረት ክፍሉ ቶማ። ቶማ ሶዶ ውስጥ ባለ የግል ድርጅት ውስጥ ሥራ ፈልጎ ነበር፣ እሱ ደግሞ ወጉን ጠብቆ ነው የሚፈልገው። ኮቱ ይሠራል፣ እሱ ይፈተናል። ፈቃድ ደግሞ በሐዘን ነው የሚወስደው። በአንድ ዓመት ውስጥ ቦምቤ ያሉ አጎቱን ሦስት ጊዜ ገደለ። በመጀመሪያው ጊዜ አዘንን፣ በሁለተኛው ሌላ አጎት ነው ብለን አለፍን። በሦስተኛው ጊዜ ግን አቶ ባሮክ ተቆጡ፤ አንድ ሠራተኛ ይህን ያህል ሰው ሲሞትበት ለቅሶ አለመድረስ ነውር ነው አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እዚህ አገር ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ሰው አይባልም።

አዋጣን፣ ሚኒባስ ተኮናተርን፣ ቦምቤ ወረድን። ጋሽ ሶርሳ፣ የቢሯችን ጥበቃ፣ ቤቱን አውቃለሁ ብለው ከፊት ተቀመጡ። ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ግቢው በር ላይ ስንደርስ እንደ ደንቡ ጩኸቱን ለቀቅነው። ከእንሰቱ መሃል አንድ ሽማግሌ ቢላቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ጋሽ ሶርሳ አዩአቸውና ቀጥ አሉ። ሟቹ ናቸው።

ማን ይናገር? ሁላችንም እያለቀስን እርስ በርሳችን ተያየን። ሰውዬው ደግሞ ይህን ያህል ሰው ከሶዶ እያለቀሰ ሲመጣ፣ ከቤተሰቡ አንዱ ሞቶ የተደበቃቸው መስሏቸው ቢላቸውን ጥለው ከሁላችን በላይ አለቀሱ። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ለቅሶው ደመቀ። ማን እንደሞተ ሳይታወቅ አንድ ሰዓት ሙሉ ተለቀሰ። በኋላ ጋሽ ሶርሳ ሰውዬውን ወደ ጓሮ ወስደው በወላይትኛ ነገሩን ሲያስረዷቸው፣ ሽማግሌው እንባቸውን ጠረጉና ደህና ነኝ ማለት ነው ብለው ጠየቁ። ከዚያ የእንሰት ምግቡ ሙቹዋ ተሠርቶ፣ ቅቤው እየወረደ፣ በልተን ተመለስን። ቶማ በዚያን ሰዓት ሶዶ ቃለ መጠይቅ ላይ ነበር። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ፣ እየሳቅኩ ሁለቴ አበላሸሁት።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ፈተናቸውን አለፉ። ሐመልማል ከገሱባ ተደወለላት፦ የካቲት አንድ ቀን መልቀቂያሽን ይዘሽ ትቀርቢያለሽ፣ ካልቀረብሽ ተጠባባቂውን እንጠራለን አሏት። ስልኩን ዘግታ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ ሄዳ ባለጉዳይ አስተናገደች። እዚህ ላይ እንኳን ሰው ይቆም ነበር።

ሁለቱም የአንድ ወር ቅድሚያ ማስታወቂያ ሰጥተው የመልቀቂያ ማመልከቻ አስገቡ። የቶማን አቶ ባሮክ ቆመው ሳያነቡ «ይሂድ» ብለው መሩበት። የሐመልማልን ግን ተቀምጠው አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት፣ መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡት። ወንበራቸውን ፈልጋ እንዳልነበር ገባቸው። ገብቷቸው ደስ ሊላቸው ሲገባ ደነገጡ። ያኔ ነው ያቺ ሴት ከሄደች ቢሮው ምን እንደሚሆን ያሰቡት።

ሕጉን አውጥተው አሳዩአት። ሠራተኛው በቀላሉ የማይተካ ሆኖ ከተገኘ ከወሩ ማስታወቂያ ጋር እስከ ሦስት ወር ድረስ ሊያቆዩት ይችላሉ። ሐመልማል ቀኑን በጣቷ ቆጠረች፤ መጋቢት መጨረሻ ይሆናል። ገሱባ እስከዚያ አይጠብቃትም። ወደ መዝገብ ክፍሏ ተመለሰች። እኔ ግን የውስጤን ልናገር፦ ይህን ያህል ባትሠራ ኖሮ እንደ ቶማ ቆመው ፈርመውላት ነበር ብዬ በሆዴ ተቃጠልኩ። ነግሬሽ ነበር ልላት ተነስቼ ፊቷን አይቼ ተመለስኩ።

የሰው ሀብት ክፍሉ አቶ አማረ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ለአንዷ ይህን አንቀጽ ጠቅሰን ለሌላው ካልጠቀስን ነገ አድልዎ ተብሎ አቤቱታ ይመጣብናል፣ በቀላሉ መተካት አለመተካታቸው ለሁለቱም እኩል ይጣራ አሉ። እኛ ቢሮ ደግሞ ኮሚቴ ያልተቋቋመበት ነገር እንደ ነገር አይቆጠርም። ሦስት ሰው ያለው «የተተኪነት አጣሪ ኮሚቴ» ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው አቶ አማረ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነኝ፣ ሦስተኛው ከቴክኒክ ክፍል ነው። አቶ ባሮክ በታዛቢነት ይገባሉ። ማጣሪያውም እንዲህ ሆነ፦ ከክፍሉ ውጭ የሆነ ሠራተኛ በዕጣ ይወጣል፣ የሥራው ባለቤት በሌለበት አንድ ነገር ፈልግ ይባላል። ካገኘ ባለቤቱ ይተካል። ካላገኘ አይተካም። ለሐመልማል ዕጣው ለጋሽ ሶርሳ ወጣ።

ጋሽ ሶርሳ ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡ። ወላይትኛ በደንብ ያነባሉ፣ አማርኛ ፊደል እየቆጠሩ ነው የሚያነቡት። አቶ ባሮክ ፊታቸው በራ። የሚፈለገውንም ፋይል ራሳቸው መረጡ፤ ሦስት ጊዜ ስም የተዛወረበት፣ ወንድማማቾች የሚካሰሱበት፣ ሁለት ዓመት ጠፍቶ ኖሮ ሐመልማል መደርደሪያውን ስታራግፍ የተገኘ ፋይል። ሐመልማል ከእኛ ጋር እንዳትገባ ተከልክላ ኮሪደር ላይ ቆመች። እኔ ቃለ ጉባኤውን ልጽፍ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። የሴትዮዋ ልጆች ገሱባ እናታቸውን እየጠበቁ ነው፣ እኛ እዚህ ጥበቃ እንፈትናለን።

ጋሽ ሶርሳ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ከዚያ ግድግዳው ላይ በሁለት ቋንቋ የተለጠፈውን አዩ፤ ሐመልማል የጻፈችው ነው፣ «መጀመሪያ ደብተሩን እይ» ይላል። ደብተሩን አዩ። በጣታቸው ስሙን ተከትለው ወረዱ፣ ቁጥሩን አገኙ። ቁጥሩ አጠገብ ቢጫ ተቀብቷል። ቢጫውን አቃፊ መደርደሪያ ዘጠኝ ላይ አገኙት። እጃቸውን ከተው አንድ ካርቶን ሳቡ። አቶ አማረ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር፤ አራት ደቂቃ ቢሆን ነው።

አቶ ባሮክ ፈጠን ብለው፣ በቃ ፋይሉ የለም፣ አልተገኘም ተብሎ ይጻፍ አሉ። ጋሽ ሶርሳ ግን ካርቶኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርበው በቀስታ አነበቡ።

«ወጥቷል ይላል። ኅዳር አሥራ ሁለት። ወደ... አቶ ባሮክ ቢሮ።»

የሁላችንም ዓይን አቶ ባሮክ ላይ ሄደ። ተሰልፈን ወደ ቢሯቸው ሄድን። ሲቆልፉት የከረሙትን በር ከፈቱ፤ ፋይሉ ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ካለፈው ዓመት ካላንደር ሥር ተቀምጧል። ለማንበብ ወስደው ረስተውታል። ቃለ ጉባኤው ላይ «ፋይሉ ተገኝቷል፣ ሠራተኛዋ በቀላሉ ትተካለች» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ባሮክ ፈረሙ። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ክፉ አይደሉም፤ ሲፈርሙ ከንፈራቸው ሳቅ ሊያመልጠው ነበር፣ ያንን ካሜራው እንኳን ያየው አይመስለኝም።

ኮሪደር ላይ ለሐመልማል ነገርኳት። ደስ ይላታል ስል ቅር አላት። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበትን በአራት ደቂቃ? አለችኝ። ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ እንደገና አለቀሰች፣ ጋሽ ሶርሳን ሄዳ አቀፈች። ጋሽ ሶርሳ ደነገጡ፤ ጥፋት ሠርቼ ይሆናል ብለው ነበር።

የቶማ ተራ ደረሰ። ለእሱ ዕጣው ለሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ ወጣ፤ የሚፈለገው ደግሞ ቀላል ነው፦ አንድ ካርቶን ወረቀት ከመጋዘን አምጪ። መጀመሪያ ቁልፉ። ቁልፎቹ አርባ ያህል ናቸው፣ አንዳቸውም ምልክት የላቸውም። በሩ ከሰዓት በኋላ ተከፈተ። ውስጥ ጎማ ላይ ኮምፒዩተር፣ ኮምፒዩተር ላይ በር፣ በር ላይ የአቶ ባሮክ የድሮ ወንበር ተደርድሯል። የዕቃ መመዝገቢያ ካርዶቹ ባዶ ናቸው። ወረቀቱ ሁለት ቀን ተፈልጎ አልተገኘም። ኮሚቴው ሕሊናውን ጠይቆ ወሰነ፦ አቶ ቶማ በቀላሉ የማይተካ ሠራተኛ ሆኖ ስለተገኘ እስከ ሦስት ወር እንዲቆይ፣ በዚህ ጊዜም ንብረቱን ቆጥሮ እንዲያስረክብ።

ቶማ ውሳኔው ሲነበብለት አመድ መሰለ። የእሱ ድርጅትም እንደ ገሱባው አይጠብቅም።

«አቶ አማረ፣ እባክዎ፣» አለ እየለመነ፣ «እኔ እኮ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም አልሠራሁም! ዓመሌ ትመስክር፣ ሁሉም ያውቃል!»

አቶ አማረ ትሁት መሆንህ ይበልጥ ያስመሰግንሃል አሉት። እኔም መሰከርኩለት፣ ምንም እንዳልሠራ በእግዚአብሔር ስም ምዬ ተናገርኩ፤ ጓደኛ ለጓደኛ የሚሠራው ነው ተብሎ አልተያዘልኝም። «በቀላሉ የማይተካ» የሚለውን ደብዳቤ ተቀብሎ ወጣ። በሥራ ዘመኑ የተጻፈለት የመጀመሪያው የምስጋና ቃል ነው። ሦስቱን ወር ሙሉ መጋዘኑ ውስጥ ሲቆጥር ከረመ፣ የመፈተኛ ቀን ቢመጣ እንኳን የሚሞትለት አጎት አልቀረውም።

ሐመልማል ጥር ሃያ አምስት የመጨረሻ ቀኗ ነበር። ያን ቀን ሌላ ሰው ቢሆን ሻይ ቤት ይውል ነበር። እሷ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ባለጉዳይ አስተናገደች። የመልቀቂያ ደብዳቤዋን አቶ ባሮክ ፈርመው ሲሰጡኝ ማኅተም መታሁበት፤ ግን ወጪ ቁጥር ያስፈልገዋል፣ ወጪ ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ ክፍል ነው፣ መዝገብ ክፍል ደግሞ እሷ ናት። ስለዚህ ለራሷ ደብዳቤ ቁጥር ሰጠች፣ ወጪ መዝገቡ ላይ ጻፈች፣ «ሰጪ» ላይ ፈረመች፣ «ተቀባይ» ላይ ፈረመች፣ ቅጂውን በራሷ የግል ፋይል ውስጥ አስገባች። አንድም አላጭበረበረችም። ቁልፉን አስረከበች፣ ርክክቡን አስፈረመች።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሁለት ሻንጣና አንድ ፍራሽ ሚኒባሱ ላይ ተጫነ። ፍራሹን ሲያስሩት ስልኳ ጮኸ፤ ትንሿ ልጇ ናት፣ ሰባት ዓመቷ ነው። እጇ ዕቃ ስለያዘ ድምፁን ከፍ አድርጋ አነሳችው። እናቷ ስትመጣ እቤት እስከ መቼ እንደምትቆይ ጠየቀቻት። ሐመልማል ሰኞ እዚያው ገሱባ ሥራ እንደምትገባ፣ ማታ ማታ እቤት እንደምታድር ነገረቻት።

በአራት ዓመት ውስጥ ስንቴ እንዲህ ተብሎ እንዳልሆነ ለልጅቷ ማን ይነግራታል።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለች።

ሐመልማል እኔን አየችኝ። እንባዋ ይወርዳል፣ ፊቷ ግን ይስቃል።

«ጋሽ ሶርሳ፣» አለቻት፣ «የበሩ ጥበቃ።»

«እሺ፣» አለች ልጅቷ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀችም።